«መልቀቂያ» ጀርመን ሲደርስ

ቆቦ ላይ አንድ ተማሪ ትምህርት ቤቱን ሲሰናበት የሚጠይቀው ወረቀት ስሙ አንድ ነው፤ መልቀቂያ። ቤተሰቡ ወደ ወልድያ የገባበት የ7ኛ ክፍል ልጅ መልቀቂያ ይጠይቃል። ትምህርቱን ጨርሶ ኮሌጅ የሚገባውም መልቀቂያ ይጠይቃል። የማሽላ አጨዳ ደርሶ በኅዳር ደብተሩን የጣለው ልጅ እንኳ ከሁለት ዓመት በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ሲመጣ የሚሰጠው ወረቀት መልቀቂያ ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ይጽፋል፣ ርዕሰ መምህሩ ይፈርማል፣ ማህተም ያርፍበታል። ማንም አይደናገርም። ወረቀቱን የሚቀበለው ጎረቤት ትምህርት ቤት ልጁ ጨርሶ ይሁን አቋርጦ ከክፍሉና ከውጤቱ ይረዳዋል፤ ካልገባውም ስልክ ይደውላል።

ጀርመን ግን ስልክ አይደውልም። እዚያ ያለው የትምህርት ማስረጃ መርማሪ የሚያየው የተተረጎመውን ቃል ነው፤ ጀርመንኛ ደግሞ ለዚህ ነገር ሁለት ቃል አለው። ትምህርቱን በወጉ ጨርሶ የመጨረሻውን ደረጃ ላገኘ የሚሰጠው «አብሽሉስጾይግኒስ» ይባላል። ሳይጨርስ ለወጣ፣ ማለትም የምረቃውን ማዕረግ ሳያገኝ ትምህርት ቤቱን ለለቀቀ የሚሰጠው ደግሞ «አብጋንግስጾይግኒስ» ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ «መልቀቅ» የሚለውን የሚፈልግ ተርጓሚ በቀጥታ የሚያርፈው በሁለተኛው ላይ ነው። አብጋንግ ማለት መልቀቅ፣ መውጣት ነውና። ቃል በቃል ትክክል ነው። ለልጅቷ ግን የተፈረደባት ያህል ነው።

አንዲት የቆቦ ልጅ እንውሰድ። 8ኛ ክፍልን በ2007፣ 10ኛ ክፍልን በ2009 ዓ.ም. ጨርሳለች። ጀርመን ያለ አንድ ሆስፒታል ለነርስነት ሥልጠና ሊቀበላት ፈቃደኛ ሆኗል፤ ሥልጠናው ሦስት ዓመት ነው፤ ደመወዝም አለው። የቀረው የትምህርት ማስረጃዋን ማሳወቅ ብቻ ነው። በእጇ ያለው ሁለት ወረቀት ነው፤ የ8ኛ ክፍል ካርድና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ የተጻፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ። የ10ኛ ክፍል የብሔራዊ ፈተና ሰርተፊኬቷ ቤት ውስጥ ነበር። ከሐምሌ 2013 ጀምሮ ቆቦ በጦርነቱ ውስጥ በቆየችባቸው ወራት ቤቱ ሲዘረፍ ከሳጥኑ ጋር ሄዷል። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ተማሪዋ ከ2008 እስከ 2009 ዓ.ም. በትምህርት ቤታችን የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ትምህርቷን ስትከታተል የቆየች መሆኗን እየገለጽን ይህን የመልቀቂያ ማስረጃ ሰጥተናታል።»

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ያነበበ ሁሉ 10ኛን እንደጨረሰች ይረዳል። ደብዳቤው ግን አይልም። «ስትከታተል የቆየች» ማለት ክፍል ውስጥ ነበረች ማለት ነው። ጨርሳለች የሚል ግሥ የለም፤ አልፋለች የሚል ግሥም የለም። በዚያ ላይ «መልቀቂያ» ተጨምሮበታል። ተርጓሚው የመጀመሪያውን «ተምራለች» ብሎ፣ ሁለተኛውን «አብጋንግስጾይግኒስ» ብሎ ሲያስቀምጠው ጀርመናዊው መርማሪ የሚያነበው ሌላ ታሪክ ነው፤ ሁለት ዓመት ተምራ ሳትጨርስ የወጣች ልጅ።

ይህ ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት ሕጉን ማየት ይበቃል። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው የጀርመን የነርስነት ሙያ ሕግ ለሦስት ዓመቱ ሥልጠና ለመግባት መካከለኛውን የትምህርት ማጠናቀቂያ ወይም ከእሱ ጋር እኩል የሆነ ማስረጃ ይጠይቃል። ሌላም በር ይከፍታል፤ በስኬት የተጠናቀቀ አሥር ዓመት አጠቃላይ ትምህርት ያለው ሰውም መግባት ይችላል። ከዚያ ያነሰ ማስረጃ ያለው ግን በመጀመሪያ የረዳትነት ሥልጠና ወይም ሌላ የሙያ ትምህርት ጨርሶ መምጣት አለበት። እንግዲህ የልጅቷ ጉዳይ ሁሉ የተንጠለጠለው «በስኬት የተጠናቀቀ» በሚሉት ቃላት ላይ ነው። አሥሩ ዓመት አላት። ማጠናቀቋን የሚናገር ግሥ ግን ወረቀቷ ላይ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጣቱን ተርጓሚው ላይ ይቀስራል። ግማሹ እውነት ነው። «መልቀቂያ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ሸክም እንደሚሸከም ማወቅ የእሱ ሥራ ነው። ድሮ በ12ኛ ክፍል ይሰጥ የነበረው ብሔራዊ ፈተና ራሱ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ይባል ነበር፤ ያንን ፈተና ያለፈ ሰው አቋርጦ ወጣ የሚል ማንም የለም። ስለዚህ ጠንቃቃ ተርጓሚ ቃሉን በአንዱ የጀርመን ቃል አይዘጋውም። «መልቀቂያ» የሚለውን በላቲን ፊደል እንዳለ ያስቀምጥና ከጎኑ «ተማሪው ትምህርት ቤቱን ሲለቅ ቢጨርስም ባይጨርስም የሚሰጥ የትምህርት ቤት ማረጋገጫ» ብሎ የተርጓሚ ማስታወሻ ያኖራል። ለወረቀቱ ስም ደግሞ ማረጋገጫ ማለት የሆነውን «በሻይኒጉንግ» ይመርጣል። ይህ ቃል አይጠቅምም፣ አይጎዳም፤ ማረጋገጫ ነው፣ አለቀ። መርማሪው ማስታወሻውን አንብቦ ተጨማሪ ሰነድ ይጠይቃል እንጂ በሩን አይዘጋም።

ሌላው ግማሽ ግን የቆቦ ነው። «ስትከታተል የቆየች» የሚለውን ማንም ተርጓሚ «አጠናቃለች» ሊያደርገው አይችልም። ማድረግም የለበትም።

ይህ ነጥብ በውጭ ባሉ ወገኖች ዘንድ ክርክር ያስነሳል። «አንድ ቃል ቢያስተካክልላት ምን ነበረበት? እህታችን አይደለችም ወይ?» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ከደግነት የመጣ ነው፤ ነገር ግን ተርጓሚው የሚያደርገውን ካለማወቅም የመጣ ነው። ጀርመን ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰነድ የሚተረጉመው በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ የፈጸመ ሰው ነው፤ የእነዚህ ተርጓሚዎች ዝርዝር justiz-dolmetscher.de ላይ ይገኛል። በመጨረሻው ገጽ ማህተሙን አሳርፎ ትርጉሙ ትክክልና ሙሉ ነው ብሎ ይፈርማል። ፊርማው የልጅቷን ትምህርት አይመሰክርም፤ የወረቀቱን ቃል ነው የሚመሰክረው። የጎደለውን ከሞላ የሐሰት ምስክር ሆነ ማለት ነው። መርማሪው አንድ ቀን አማርኛ የሚያነብ ሁለተኛ ሰው ቢያሳየው የምትወድቀው ልጅቷ ናት፤ በተጭበረበረ ሰነድ የተከሰሰ ማመልከቻ በጎደለ ሰነድ ከተመለሰ ማመልከቻ እጅግ የከፋ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግነት ደግሞ ሌላ ነው። አንዳንዱ «10ኛ ክፍል» የሚለውን ሲያይ በራሱ ሥልጣን «ሚትለረ ራይፈ» ብሎ የጀርመኑን የመካከለኛ ማጠናቀቂያ ስም ይሰጠዋል፤ 12ኛን «አቢቱር» ይለዋል፤ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲፕሎማን «ዲፕሎም» ይለዋል። የመጨረሻው በተለይ ያሳፍራል፤ በጀርመን ዲፕሎም ለረጅም ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ስም ነበርና የሁለት ዓመት ሠልጣኝ በአንድ ጊዜ ባለዲግሪ ኢንጂነር ይመስላል። ማመዛዘን የተርጓሚው ሥራ አይደለም። ለዚያ በየክፍለ ግዛቱ የማስረጃ እውቅና የሚሰጥ ቢሮ አለ፤ የሌሎች አገሮችን የትምህርት ሥርዓት የሚዘረዝር anabin የሚባል የመረጃ ቋትም አላቸው። መርማሪው የኢትዮጵያን ስም እዚያ ውስጥ ይፈልጋል። ተርጓሚው የጀርመን ስም ከሰጠው የሚፈልገውን አያገኝም፤ ወይም ይጠረጥራል። «10ኛ ክፍል» እንደ 10ኛ ክፍል፣ «አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት» እንደ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መቀመጥ ነው ያለበት።

«መሰናዶ»ም እንዲሁ ነው። 11ኛና 12ኛን በቀጥታ «የዝግጅት ክፍል» ብሎ የተረጎመ ሰው ሳያውቀው ልጁን ወደ ታች አውርዶታል፤ ባደን ቩርተምበርግ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራው ጀርመንኛ ገና የሚማሩ የውጭ ልጆች የሚገቡበት ክፍል ነውና።

አሁን ወደ ካርዱ እንመለስ። የ8ኛ ክፍል ካርዷ ላይ ከትምህርቶቹ ዝርዝር ግርጌ ሁለት መስመር አለ። «አማካይ ውጤት 86.4» ይላል አንዱ፤ «ደረጃ 4» ይላል ሌላው። ከ58 ተማሪ አራተኛ ወጥታለች። እናቷ ያን ቀን ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠርታለች።

«ደረጃ» ግን በአማርኛ የማይገባበት ቦታ የለም። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንል የትምህርት እርከን ነው። የቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ስንል የሥልጠና ማዕረግ ነው። ካርድ ላይ ሲሆን ደግሞ ከክፍል ጓደኞች መካከል ያለ ቦታ ነው። ተርጓሚው ሳያስብ «ሽቱፈ 4» ቢለው ትርጉም የለሽ ይሆናል፤ የ8ኛ ክፍል ካርድ ላይ አራተኛ እርከን ምን ይሠራል? ከሁሉ የከፋው ግን «ኖተ 4» ብሎ ውጤት ሲያደርገው ነው። በጀርመን ትምህርት ቤት ውጤት ከ1 እስከ 6 ነው፤ 1 የበለጠው፣ 6 የወደቀው። 4 ማለት «እንደ ነገሩ ይበቃል» ነው፤ ከዚያ በታች መውደቅ ይጀምራል። ጎረቤት የተጠራባት ልጅ በአንድ ቃል ለጥቂት የተረፈች ሆነች። ትክክለኛው ቃል ቦታን የሚያመለክተው «ራንግ» ነው፤ ካርዱ ላይ የክፍሉ ተማሪዎች ብዛት ከተጻፈ «ከ58 4ኛ» ተብሎ አብሮ መገለጽ አለበት።

86.4 ራሱም ብቻውን አይናገርም። ትርጉሙ ላይ «86.4 ነጥብ ከ100» ሆኖ መግባት አለበት፤ ካርዱ የማለፊያ ነጥብ 50 መሆኑን ከጻፈም ያ አይዘለልም። ጀርመኖች የውጭ ውጤትን ወደ ራሳቸው ሲቀይሩ በብዛት የሚጠቀሙበት ስሌት ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ከፍተኛውን ነጥብ፣ ዝቅተኛውን ማለፊያና ተማሪው ያገኘውን። ከ100 ላይ 86.4 ሲነሳ 13.6 ይቀራል። ያ በ100 እና በ50 መካከል ላለው ልዩነት፣ ለ50 ይካፈላል፤ በ3 ይባዛል፤ 1 ይደመራል። 1.8 ይወጣል፤ በጀርመን ዓይን መልካም ውጤት ነው። ስሌቱን የሚሠራው ቢሮው ነው፤ ተርጓሚው ቁጥሮቹን ብቻ ያቀርባል። የማለፊያው ነጥብ ትርጉሙ ውስጥ ከቀረ ግን ስሌቱ የሚሠራበት ነገር ያጣል።

እዚያው ካርድ ላይ «ወደ 9ኛ ክፍል ተዛውራለች» የሚል አለ። እዚህ ላይ አማርኛና ጀርመንኛ ሳይነጋገሩ ተግባብተዋል። «ተዛወረ» ከክፍል ወደ ክፍል አለፈም፣ ከቦታ ወደ ቦታ ተቀየረም ማለት እንደሆነ ሁሉ፣ ጀርመኖቹም «ፌርዜጽት» የሚሉት ቃል ሁለቱንም ይሸከማል። እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የዓመተ ምሕረቱ ጉዳይ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ስህተቱም እዚያው ነው። ልጅቷ የተወለደችው ጥር 12 ቀን 1993 ነው፤ ፓስፖርቷ ላይ 2001 እ.ኤ.አ. ይላል። ተርጓሚው 2009ን እንዳለ ቢተወው ጀርመናዊው በ2001 ተወልዳ በ2009 10ኛ ክፍል የጨረሰች የስምንት ዓመት ልጅ ያያል። ይህ ቢያንስ ዓይን ላይ ስለሚጮህ ይጠየቃል። የማይጮኸው ስህተት ሰባት ብቻ መደመር ነው። ሰባት የሚደመረው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ማለትም የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። የ2009 የትምህርት ዘመን በመስከረም 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ2017 ያልቃል፤ ሰኔ 30 ቀን 2009 የተጻፈ ወረቀት ሐምሌ 7 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ነው። ሁሉንም በሰባት የቆጠረ ሰው ከመማሪያዋ አንድ ዓመት ይበላባታል፤ አሥሩ ዓመት ዘጠኝ ይመስላል። እንደ እሷ በአሥር ዓመት ብቻ ለምትገባ ልጅ ያች ጎዶሎ ዓመት ትልቅ ናት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትርጉሙ ላይ በመጀመሪያ የወረቀቱ ዓመት እንዳለ ይጻፋል፤ ቀጥሎ በቅንፍ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑና «2016/17» የሚለው ይገባል። የልደት ቀንም እንዲሁ። ጥር 12 ቀን 1993 ጥር 20 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ነው። ፓስፖርቷ ላይ 21 ተብሎ ቢገኝ (ከስድስት ቀን ጳጉሜን በኋላ በሚመጣው ዓመት የሚሠራውን ስሌት ለሁሉም ዓመት የሚጠቀም ሰው ስላለ ይህ ይገጥማል) ተርጓሚው ወደ ፓስፖርቱ አይጎትተውም። ያለውን ጽፎ ስሌቱን ያሳያል። አንድ ቀን ልዩነት ይብራራል፤ የተነካካ ቀን ግን አይብራራም።

ታዲያ ልጅቷ ምን ታድርግ? በመጀመሪያ መስተካከል ያለበት ዋናው ደብዳቤ ነው፤ ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ተርጓሚው በስልክ «እህቴ፣ ወረቀትሽ አልጨረስሽም ነው የሚለው፤ እኔ ልጨርስልሽ አልችልም» ሲላት መጀመሪያ ትቆጣለች። «ጋሼ፣ ቆቦ ያለ ሰው ሁሉ እንደጨረስኩ ያውቃል እኮ!» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ግን ቆቦ ያለው ሰው ሁሉ ፍራንክፈርት አይመጣም። አባቷ ትምህርት ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። ሮስተሩ ከተረፈ ነገሩ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ደብዳቤው እንደገና ይጻፋል። የሚጻፈውም እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «የ9ኛ ክፍልን በ2008፣ የ10ኛ ክፍልን በ2009 ዓ.ም. (2016/17 እ.ኤ.አ.) ተምራ በሚገባ ያጠናቀቀች መሆኗን እናረጋግጣለን።» ስሟ ሳይቆረጥ ይጻፋል፤ የአያቷ ስም «ወ/ገብርኤል» ከሆነ ወልደ ገብርኤል ተብሎ፣ ከፓስፖርቱ ጋር በሚነበብ መልኩ። «መልቀቂያ» የሚለው ቃል ይውጣ፤ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ሮስተሩ ካልተረፈስ? በጦርነቱ ወራት ሰሜን ወሎ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘርፏል፤ ሰነድ የተቃጠለበትም አለ። በዚህ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ከትዝታ ተነስቶ ውጤት እንዲጽፍ መገፋፋት ሌላ አደጋ ነው፤ የተለያየ ቀለም ያለውና የቆየ ቀን የተጻፈበት አዲስ ወረቀት ማንንም አያታልልም። የተሻለው መንገድ አዲስ አበባ ነው። የ10ኛ ክፍል ፈተና የክልል ሳይሆን የአገር ፈተና ስለነበር ውጤቱ ዛሬ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት በሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት እጅ ያለ ጉዳይ ነው፤ የጠፋ ሰርተፊኬት ምትክ የሚጠየቀው ከዚያ ነው። ያ ሰርተፊኬት በእንግሊዝኛ ስለሆነ የአማርኛው ወጥመድ ሁሉ አያገኘውም፤ አንዳንድ የጀርመን ቢሮ እንግሊዝኛውን እንዳለ ይቀበላል፤ የማይቀበልም ስላለ ለትርጉም ከመክፈል በፊት ቢሮውን በኢሜይል መጠየቅ ነው። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ግን እዚያ አይገኝም፤ የሱ መንገድ በወረዳና በዞን ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ ክልሉ ትምህርት ቢሮ ነው።

ትምህርት ቤቱም ሮስተሩ እንደጠፋ በደብዳቤ ቢገልጽ ይጠቅማል። «በጦርነቱ ምክንያት የተማሪዋ ዝርዝር ውጤት በእጃችን የለም» የሚል፣ ማህተም ያለው ሐቀኛ ደብዳቤ ሲተረጎም አያሳፍርም፤ ከምትኩ ሰርተፊኬት ጋር ሲያያዝ መርማሪው ለምን አንድ ወረቀት እንደጎደለ ያውቃል።

የልጅቷ አባት ሁለተኛውን ደብዳቤ አስጽፈው ፎቶውን በቴሌግራም ሲልኩላት ማህተሙ ግማሹ ደብዝዟል። ተርጓሚው አየውና «ይህ ማህተም አይነበብም፤ እኔም የማይነበብ ብዬ ነው የምጽፈው። አባትሽ እንደገና ያስመቱት፤ ዋናውን በሰው እጅ ይላኩት» አላት። አባትየው በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበሩ።